ወረቡን ማን አነሣው? ከማኅሌት የቀጥታ ስርጭት አጭር ቪዲዮ ስለማውጣት

በባሕር ዳር ለሰንበት ትምህርት ቤቶች የሚዲያ አገልጋዮች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ

የተከበራችሁ አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የኅዳር ሚካኤልን ማኅሌት ከሌሊት ጀምረን በቀጥታ አስተላለፍን። በማግሥቱ ቁጭ ብዬ ከወረቡ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆርጬ አወጣሁና በስልክ እንዲታይ አድርጌ በቁመት አዘጋጀሁት። ምስሉ ጥርት ያለ ነበር፤ ከበሮውም ደረት ይመታል። ደስ ብሎኝ ላፕቶፔን ይዤ ወደ ደብራችን መሪጌታ ቤት ሄድኩ። የኔታ መነጽራቸውን አድርገው፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ዝም ብለው ተመለከቱ። ሲያልቅ ቀና አሉና፣

«ማን ነው ያነሣው?» አሉኝ።

አልገባኝም። «ምኑን፣ የኔታ?»

«ወረቡን ነዋ፣ ልጄ! ተመሪው ሲቀበል ይሰማኛል፤ መሪው ግን የለም። ሰው ሳይጠሩት አቤት ይላል?»

እንደገና አጫወትኩት። እውነታቸውን ነበር። እኔ መጀመሪያውን የመረጥኩት በዓይኔ ነው። በኮምፒውተሩ ላይ የድምፁ ሥዕል ከፍ ብሎ የሚታይበትን፣ ከበሮውና ጽናጽሉ አንድ ላይ የሚገቡበትን ቦታ አይቼ ከዚያ ቆረጥኩ። ከዚያ በፊት ያለው ቀጭን መስመር ባዶ መስሎኝ ነበር። ባዶ አልነበረም፤ መሪው ብቻውን ቤቱን የሚያነሣበት ድምፅ ነው። አንድ ሰው በለሆሳስ ያነሣውን መቶ ሰው ይቀበለዋል። እኔ መቶውን ወስጄ አንዱን ጣልኩት።

ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚያ ጥያቄ የወጣ ነው። ቅንጫቢ ቪዲዮ የት ይጀምር፣ የት ያብቃ የሚለውን የሚወስነው ዜማው ራሱ ነው። ስለዚህ ስለ ስብከትና ስለ መዝሙር ብዙ አልናገርም። ስብከት ዓረፍተ ነገር አለው፤ ጆሮ ያለው ሰው መጨረሻውን ያውቀዋል። የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙርም አዝማች ስላለው አያስቸግርም። ቅዳሴን ደግሞ እኛ ዘንድ አንቆርጥም፤ ሰበካ ጉባኤያችን ቅዳሴው በሙሉ ይተላለፍ እንጂ ቅንጫቢ አይውጣለት ብሎ ወስኗል፤ እኔም እስማማለሁ። እናንተም የየደብራችሁን ውሳኔ ሳትይዙ አትጀምሩ። የማተኩረው በማኅሌቱ፣ ከማኅሌቱም በወረቡ ላይ ነው። ከሁሉ አስቸጋሪው እርሱ ነው፤ ብዙ ተበላሽቶ የምናየውም እርሱ ነው።

ወረብ እንዴት እንደሚሄድ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ግን ለቆራጩ ምን ማለት እንደሆነ እንየው። መጀመሪያ በቁም ይባላል፤ ከበሮ የለም፣ ጽናጽል የለም፣ ድምፅ ብቻ ነው። ቀጥሎ ዝማሜው ይመጣል፤ ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን እያዘነበሉ ይዘማሉ። ከዚያ በመረግድ ከበሮና ጽናጽል ይገባሉ፤ በመጨረሻ ጽፋት ይሆናል፤ ከበሮው ይፈጥናል፣ በጭብጨባ ይታጀባል፣ ሕዝቡ እልል ይላል። የአቋቋሙ ቤት ሲለያይ ዝርዝሩ ይለያያል፤ የየደብራችሁን መሪጌታ ጠይቃችሁ ጻፉት። ለእኛ ሥራ ዋናው ነገር አንድ ነው፤ አንዱ ቃል፣ ያው ቤት፣ በየደረጃው እየተመላለሰ ይባላል። ስለዚህ ቃሉን ብቻ የሚከተል ሰው የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ አያውቅም፤ ከበሮውን ብቻ የሚከተል ደግሞ ቤቱ የት እንደሚጀምር አያውቅም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

አሁን ላፕቶፑን ልክፈተው። የምታዩት የአንድ ኅዳር 12 ቀን ሌሊት ቀረጻ ነው፤ ርዝመቱ አራት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል።

የመጀመሪያው ሥራ የሚሠራው በማግሥቱ ሳይሆን እዚያው ሌሊት ነው። ከካሜራው አጠገብ ደብተርና እስክሪብቶ የያዘ አንድ ሰው ይቀመጣል። ይህ ሰው ካሜራ አይነካም። ሥራው መሪው ሲያነሣ ሰዓቱን መጻፍ ነው፤ ነግሥ፣ መልክዕ፣ ዚቅ፣ ወረብ፣ ምልጣን፣ እስመ ለዓለም እያለ። እኛ ይህን ሥራ የምንሰጠው አቋቋም ለሚማር ዲያቆን ነው። ኮምፒውተር ባያውቅ ምንም አይደለም፤ ዚቅና ወረብ የማይለይ ሰው ግን የቱንም ያህል የኮምፒውተር ሊቅ ቢሆን እዚያ ወንበር ላይ አይቀመጥም።

ሰዓቱን በተመለከተ አንድ ወጥመድ አለ። ዲያቆኑ በእጅ ሰዓቱ «10፡33 ወረብ ተነሣ» ብሎ ይጽፋል፤ የኛ የሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ያንኑ ቅጽበት 4፡33 ይለዋል። ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ አንዱ በኮምፒውተሩ፣ ሌላው በእጅ ሰዓቱ እየጻፈ ሁለት ደብተር ተቀላቅሎብን ያውቃል። አሁን ሕጋችን ግልጽ ነው፤ ሁሉም በኛ ሰዓት ይጻፋል፣ የደብተሩ የመጀመሪያ መስመር ደግሞ ስርጭቱ የተጀመረበት ቅጽበት ነው። በዚህ ሌሊት ስርጭቱ የተጀመረው በ8፡52 ነው። 10፡33 ላይ 8፡52ን ስትቀንሱ 1፡41 ይቀራል። ስለዚህ ወረቡን በፋይሉ ውስጥ 1 ሰዓት ከ41 ደቂቃ አካባቢ እፈልገዋለሁ። ደብተሩ የሚሰጠኝ ደቂቃውን ነው፤ ሰከንዱን የማገኘው በጆሮዬ ነው።

OBS የምትጠቀሙ ሰዎች ሌላም መንገድ አላችሁ። ከ30.2 ዕትም ጀምሮ Hybrid MP4 በሚለው የፋይል ዓይነት ስትቀርጹ Add Chapter Marker ለሚለው ትእዛዝ አንድ ቁልፍ መስጠት ትችላላችሁ፤ ቁልፉን በነካችሁ ቁጥር ምልክቱ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል። ጥሩ ነገር ነው። ደብተሩን ግን አይተካም። ቁልፉን የሚነካው ሰው መሪውን ከሰማ በኋላ ስለሆነ ምልክቱ ሁልጊዜ ይዘገያል፤ ምን እንደተባለም አይነግራችሁም።

ቀረጻውን በኮምፒውተራችሁ ላይም አስቀሩ። በOBS ውስጥ Automatically record when streaming የሚለውን ምረጡ፤ ስርጭቱ ሲጀምር ቀረጻውም አብሮ ይጀምራል። የፋይሉ ዓይነት MKV ወይም ያ Hybrid MP4 ይሁን። ተራው MP4 በትክክል ካልተዘጋ አይከፈትም፤ መብራት በሌሊት ድንገት ሲሄድ ምን እንደሚሆን ለባሕር ዳር ሰው አላስረዳም። MKV ግን እስከተቋረጠበት ድረስ ያለው ይነበባል፤ በኋላ ወደ MP4 መለወጥ ቀላል ነው።

አሁን ወደ ምዕራፎቹ እንምጣ። በዚህ ሌሊት ወረቡ በኮምፒውተራችን ፋይል ላይ በ1፡41፡07 ይነሣል። ዝማሜው በ1፡44፡20፣ መረግዱ በ1፡48፡35፣ ጽፋቱ በ1፡53፡02 ይጀምራል። በ1፡54፡31 ምልጣኑ ይነሣል። ይህን ያገኘሁት ጆሮዬንና የድምፁን ሥዕል ጎን ለጎን አድርጌ ነው። ሥዕሉን ተመልከቱት። ቁሙ እንደ ለስላሳ ኮረብታ ነው፤ ሹል ነገር የለውም። መረግዱ ጋ ስትደርሱ የከበሮው ምት እንደ አጥር እንጨት ተራርቆ ይቆማል። ጽፋቱ ጋ እንጨቶቹ ይጠጋጋሉ። አንዴ ከለመዳችሁት የአራት ሰዓት ማኅሌት ውስጥ ወረቦቹ የት የት እንዳሉ ሳታጫውቱ ታያላችሁ። ጸጥታን እየፈለጉ ራሳቸው የሚቆርጡ ፕሮግራሞች ግን ለማኅሌት አይሆኑም። ማኅሌት ውስጥ ጸጥታ የለም፤ አንዱ ሳያርፍ ሌላው ይነሣል። ፕሮግራሙ ጸጥታ ብሎ የሚያገኘው መሪው ብቻውን የሚያነሣበትን ዝቅ ያለ ድምፅ ነው፤ እርሱን ቆርጦ ይጥለዋል። የኔ የዚያን ጊዜ ስሕተት ማለት ነው፣ በማሽን።

እነዚህን ሰዓቶች ወደ ዩቲዩብ መግለጫ ስገለብጥ ያጋጠመኝን ላሳያችሁ። ጠዋት ላይ ምዕራፎቹን ጻፍኩ፤ የሌሊቱ መጀመሪያ ልክ ነው፣ ወረቡ ግን ልክ አይደለም። «ወረብ፣ በቁም» የሚለውን ስነካ ወረቡ ከተነሣ ከደቂቃ በላይ ሆኖታል። ደብተሩን አየሁ፤ ዲያቆኑ «9፡48 ኔትወርክ ጠፋ» ብሎ ጽፏል። የኮምፒውተራችን ቀረጻ ኔትወርክ ቢኖርም ባይኖርም ይቀጥላል፤ ዩቲዩብ ላይ የቀረው ቪዲዮ ግን ያ የተቋረጠው ጊዜ የለውም፤ የተቋረጠው ተዘልሎ ሁለቱ ጫፎች ተጋጥመዋል። ስለዚህ ከ9፡48 በኋላ ያለው ሁሉ ዩቲዩብ ላይ ቀድሞ ይገኛል። በስንት? ይህን በግምት አትሥሩት። አንድ ጎልቶ የሚሰማ የከበሮ ምት ምረጡ፤ በሁለቱም ቪዲዮ የት እንዳለ አንብቡ፤ ልዩነቱን ያዙ። የእኛ ልዩነት 74 ሰከንድ ሆነ። ከመቋረጡ በፊት ላሉት ምዕራፎች ምንም አልነካሁም፤ ከዚያ በኋላ ካሉት ሁሉ 1 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ቀነስኩ። ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ከጠፋ ሁለት ልዩነት ይኖራችኋል፤ ከእያንዳንዱ መቋረጥ በኋላ አንድ ምት ፈልጋችሁ እንደገና መለካት አለባችሁ። መግለጫው ላይ የወረቡ ክፍል በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፤

```
0:00 መግቢያ
1:39:53 ወረብ፣ በቁም
1:43:06 ዝማሜ
1:47:21 መረግድ
1:51:48 ጽፋት
1:53:17 ምልጣን
```

ሌሎቹን ምዕራፎች ለማሳጠር ትቻቸዋለሁ። ዩቲዩብ ምዕራፎቹን የሚቀበለው የመጀመሪያው 0:00 ሲሆን፣ ቢያንስ ሦስት ሰዓቶች በቅደም ተከተል ሲኖሩ፣ እያንዳንዱም ምዕራፍ ከ10 ሰከንድ ያላነሰ ሲሆን ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሰዓቶቹ እንደ ተራ ጽሑፍ ይቀራሉ፤ በቪዲዮው መስመር ላይ ክፍፍሉ አይታይም። ብዙ ጊዜ የሚረሳው 0:00 ነው። ደግሞም በስርጭቱ መጀመሪያ ላይ «ጥቂት ይጠብቁን» የሚለውን ሥዕል መቁረጥ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ቁረጡ፤ ምዕራፍ ከዚያ በኋላ ይጻፍ። ካልሆነ ሁሉም ሰዓት እንደገና ይፋለሳል።

ምዕራፍ የሚጀምርበትና ቅንጫቢ የሚጀምርበት አንድ ቦታ አይደለም። እኔም ይህን ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። ምዕራፍ ነክቶ የሚመጣ ሰው ማኅሌቱን ሊሰማ የመጣ ነው፤ መሪው ከማንሣቱ በፊት ሁለት ሦስት ሰከንድ ያለውን፣ ሊቃውንቱ ሲዘጋጁ፣ መቋሚያ ሲያስተካክሉ ቢያይ አይከፋውም፤ እንዲያውም ቦታውን ያውቅበታል። ስለዚህ የምዕራፉን ሰዓት ጥቂት ወደ ኋላ መሳብ መልካም ነው። ቅንጫቢው ግን በስልክ ላይ ከሌላ ነገር ቀጥሎ ድንገት የሚመጣ ነው፤ ሦስት ሰከንድ ምንም ካልተሰማበት የተመልካቹ ጣት ያልፈዋል። በሌላ በኩል መሪው አፉን ከከፈተ በኋላ ከጀመርን የመጀመሪያው ፊደል ይበላል። በግእዝ ደግሞ የመጀመሪያ ፊደል መብላት ቀላል ነገር አይደለም። «ለ» ወይም «በ» ወይም «ወ» ስትጠፋ ቃሉ ሌላ ይሆናል። እንግዲህ መጀመሪያው የት ነው? ትንፋሹ ላይ ነው። መሪው ከማንሣቱ በፊት አየር ይስባል፤ ማይክሮፎኑ ቅርብ ከሆነ ይሰማል፣ ካልተሰማም ትከሻው ከፍ ሲል ይታያል። ከትንፋሹ ግማሽ ሰከንድ ያህል ቀድሜ እቆርጣለሁ። ሰው ሳያውቀው ያንን ትንፋሽ ይሰማል፤ አንድ ነገር ሊባል እንደሆነ ይጠብቃል።

ለዚህ ሌሊት ቅንጫቢ የመረጥኩት ሙሉውን ወረብ አይደለም። ወረቡ ከ13 ደቂቃ በላይ ነው፤ የዩቲዩብ ሾርትስ ከጥቅምት 2024 ወዲህ እስከ 3 ደቂቃ ይፈቅዳል። ስለዚህ ምርጫ አለ። መጀመሪያ ያሰብኩት ከቁሙ ሠላሳ ሰከንድ፣ ከዝማሜው ሠላሳ፣ ከመረግዱ ሠላሳ ወስጄ መጨረሻ ላይ ጽፋቱን ለማጋጠም ነበር። ሠራሁትም። ለየኔታ አሳየኋቸው። «ይኼ የሚሮጥ ሰው ነው» አሉኝ፤ «ጽፋት የሚጣፍጠው ቀስ ብለህ ስትደርስበት ነው። አንተ በመሰላል ሳይሆን በዝላይ አወጣኸው።» ከዚያ ወዲህ ውስጡን አልቆርጥም። አንድ ያልተቋረጠ ክፍል እወስዳለሁ፤ የሚያጥር ከሆነም ይጠር። እዚህ የወሰድኩት የመረግዱን የመጨረሻ ቤት መሪው እንደገና ከሚያነሣበት ጀምሮ ጽፋቱ እስኪያልቅ ድረስ ነው። መሸጋገሪያው ውስጡ አለ፤ ከበሮው ሲፈጥን ሰው በጆሮው አብሮ ይወጣል።

መሪው አየር የሚስበው በ1፡52፡15.1 ነው፤ እኔ በ1፡52፡14.6 ጀመርኩ። የመጨረሻው የከበሮ ምት በ1፡54፡28.6 ይወድቃል። ምቱ ላይ ብቆርጠው በር እንደተዘጋ ይሆናል፤ የከበሮው ግምታና የጽናጽሉ ርግብግብታ በቤተ መቅደሱ ውስጥ ገና አልሞተም። ያ ድምፅ ቀስ እያለ እስኪከስም ቢያንስ አንድ ሰከንድ ይፈልጋል። በሌላ በኩል ምልጣኑን የሚያነሣው ሰው በ1፡54፡31 ስለሚገባ ብዙ ቦታ የለኝም። በ1፡54፡30.2 አበቃሁ። ከመጨረሻው ምት በኋላ አራት አሥረኛ ሰከንድ ሳልነካ ትቼ በቀረችው 1.2 ሰከንድ ድምፁን ቀስ አድርጌ አወረድኩት። በሰው ድምፅ ላይ ግን እንዲህ አታድርጉ። ቤቱ ገና እየተባለ ድምፁን ዝቅ ዝቅ ማድረግ፣ ሬዲዮ ላይ ዘፈን እንደሚደረገው፣ ለወረብ ነውር ነው። ቤቱ ይለቅ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ብቻ አውርዱ። ቦታ ከጠፋ፣ ማለትም ቀጣዩ መሪ በምቱ ላይ ተደርቦ ከገባ፣ ሌላ ቤት ምረጡ፤ እርሱን ማዳን አይቻልም።

ለመልክዕ ደግሞ አንድ ቀላል ምልክት አለ፤ ግእዝ የማያውቀው ቆራጭ እንኳ ይጠቀምበታል። የመልክዕ አንድ ክፍል ባብዛኛው «ሰላም ለ…» ብሎ ይጀምራል፤ አምስት ስንኝ አለው፤ ስንኞቹም በአንድ ፊደል ቤት ይመታሉ። ቤት መምቻውን በጣታችሁ ቁጠሩ። አምስተኛው ላይ ሳትደርሱ አትቁረጡ።

አሁን የአቆራረጡ ቴክኒክ። ብዙዎች ቪዲዮውን ሳይለውጡ በፍጥነት የሚቆርጠውን መንገድ ይወዳሉ፤ በ ffmpeg ከሆነ `-c copy` የሚለውን። ጥሩ ነው፤ አራት ሰዓት ፋይል በሴኮንዶች ይቆርጣል። ችግሩ ቪዲዮ ሁሉም ፍሬሙ ሙሉ ሥዕል አለመሆኑ ነው። ሙሉው ሥዕል፣ ቁልፍ ፍሬም የምንለው፣ በየተወሰነ ጊዜ ይመጣል፤ በቀጥታ ስርጭት ብዙ ጊዜ በየ2 ሰከንዱ ነው። በመካከል ያሉት ፍሬሞች ከቀደሙት ምን እንደተለወጠ ብቻ ይይዛሉ። ስለዚህ ሳይለውጥ የሚቆርጠው ፕሮግራም እናንተ ያላችሁበት ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት ባለው ቁልፍ ፍሬም ላይ ይጀምራል፤ እስከ 2 ሰከንድ ቀድሞ ማለት ነው። በኮምፒውተራችሁ ልክ የመሰለው ፋይል በሌላ ሰው ስልክ ላይ ከዲያቆኑ ሳል ይጀምራል፤ ወይም ድምፁ ሄዶ ሥዕሉ ለአፍታ ይደርቃል። ይህን ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። ለቅንጫቢ ሁልጊዜ ኮምፒውተሩ ፍሬሞቹን እንደ አዲስ እንዲሠራ አድርጉ፤ ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ነው፣ ጊዜ አይወስድም። ደግሞም ወደ ቁመት ስንለውጠው እንደ አዲስ መሠራቱ የማይቀር ነው።

ወደ ቁመቱ ልግባ፤ እዚህ ላይ ልዘገይ እፈልጋለሁ። ስርጭታችን 1920 በ1080 ነው። ለስልክ የምንፈልገው 1080 በ1920 ነው። ከመካከሉ በቁመት ስትከረክሙ የሚተርፋችሁ 608 ፒክሰል ስፋት ነው፤ ከሥዕሉ ሲሶ እንኳ አይሞላም። ያንን ወደ 1080 ስትለጥጡት እያንዳንዱ ነጥብ ወደ አንድ ነጥብ ስምንት እጥፍ ይሰፋል፤ የሊቃውንቱ ፊት ይደበዝዛል፣ የነጠላው ጥለት ይጠፋል። ይህ አንዱ ችግር ነው። ትልቁ ችግር ግን ሌላ ነው። ማኅሌት ሁለት ረድፍ ነው። በአንዱ ወገን ቀኝጌታው፣ በሌላው ወገን ግራጌታው ቆመው፣ ሊቃውንቱ ፊት ለፊት እየተያዩ ይቀባበላሉ። ከመካከሉ ብትከረክሙ የሚተርፋችሁ ባዶው ምንጣፍና ከበሮው ነው። ወደ አንዱ ወገን ብትሄዱ ሌላው ወገን ሲመልስ የሚሰማው ድምፅ ባለቤት የለውም። እንደገና የየኔታ ጥያቄ ይመጣል፤ ማን ነው የተቀበለው?

እኛ የደረስንበት መንገድ ሁለቱን ረድፍ አንዱን በአንዱ ላይ መደርደር ነው። የስልኩን ሥዕል ለሁለት እኩል እንከፍለዋለን፤ እያንዳንዱ 1080 በ960 ይሆናል። ከሰፊው ካሜራ የግራውን ግማሽ ወደ ላይ፣ የቀኙን ግማሽ ወደ ታች እናስቀምጣለን። ከእያንዳንዱ ግማሽ የምንወስደው 954 በ848 ፒክሰል ነው፤ መጠኑ ከስልኩ ግማሽ ጋር በትክክል ይገጥማል፤ የሚለጠጠውም ጥቂት ብቻ ስለሆነ ፊቱ ጥርት ብሎ ይታያል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቅብብሉ በዓይን ይታያል፤ የላዩ ሲያነሣ የታቹ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል፣ የታቹ ሲቀበል የላዩ መቋሚያውን ያዘነብላል። ትእዛዙ ይህ ነው፤

```
ffmpeg -ss 1:52:14.6 -i hidar12.mkv -t 135.6 \
-filter_complex "[0:v]crop=954:848:0:150,scale=1080:960[a];\
[0:v]crop=954:848:966:150,scale=1080:960[b];[a][b]vstack[v]" \
-map "[v]" -map 0:a \
-af "afade=t=in:d=0.05,afade=t=out:st=134.4:d=1.2" \
-c:v libx264 -crf 18 -c:a aac -b:a 192k tsifat.mp4
```

ቁጥሮቹን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። `-ss` መጀመሪያው ነው፤ `-t` ርዝመቱ፣ 135.6 ሰከንድ። በ`crop` ውስጥ ያሉት የመጨረሻ ሁለት ቁጥሮች ከግራና ከላይ ምን ያህል እንደተገባ ይናገራሉ። 150 የሚለው ከላይ ያለውን ጣሪያ የሚተው ነው፤ በናንተ ቤተ ክርስቲያን ካሜራው ከፍ ብሎ ወይም ዝቅ ብሎ ከተተከለ የሚለወጠው እርሱ ነው። መጀመሪያ አምስት ሰከንድ ብቻ አውጡና ጭንቅላት እንዳልተቆረጠ እዩ። ትእዛዝ መጻፍ የማትወዱ በማንኛውም የቪዲዮ ማረሚያ ያንኑ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ቁጥሮቹ አይለወጡም።

ይህ የሚሠራው ግን ካሜራው ካልተነቃነቀ ብቻ ነው። ስርጭቱን የሚመራው ልጅ በወረቡ መካከል ወደ ቅርቡ ካሜራ ቢቀይር፣ አንድ ትልቅ ፊት ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ላይ ግማሹ ታች ይሆናል። ደርሶብናል፤ የተከበሩ አባት አንዱ ዓይን ከላይ፣ ሌላው ዓይን ከታች ወጥቶ አፍሬ አጥፍቼዋለሁ። አሁን ከዲያቆኑ ጋር ስምምነት አለን። «ወረብ» ብሎ ሲጽፍ ስርጭቱን የሚመራውን ልጅ ትከሻ ይነካዋል፤ ልጁም ወደ ሰፊው ካሜራ ይሄድና እስከ ጽፋቱ መጨረሻ አይነካውም። ከሥር የሚወጣውን የጽሑፍ ሰሌዳም ያነሣል፤ የበዓሉን ስም የያዘ ሰሌዳ ለሁለት ሲከረከም ግማሽ ቃል ይዞ ይቀራል። የግእዙን ቃል መጻፍ ከፈለጋችሁ በኋላ በቅንጫቢው ላይ ጻፉት፤ ሁለቱ ረድፎች በሚገናኙበት በመካከሉ መስመር ላይ ይሁን። ከታች ካስቀመጣችሁት የስልኩ ርእስና ቁልፎች ይሸፍኑታል። ከመለጠፋችሁ በፊት ደግሞ ግእዙን ለመሪጌታው አስነብቡ፤ «ሰ»ና «ሠ» ቢቀያየር ኮምፒውተሩ አይነግራችሁም፣ እርሳቸው ግን ይነግሯችኋል።

አንድ የመጨረሻ ነገር ስለ ድምፅና ሥዕል መገጣጠም። ድምፁ ከማቀላቀያው፣ ሥዕሉ ከካሜራው በተለያየ መንገድ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ ሥዕሉ ይዘገያል። በሰፊ ሥዕል ሰው ልብ አይለውም። ፊት ሲቀርብ ግን ከበሮ መቺው እጁን ሳያወርድ ምቱ ይሰማል። ለማወቅ አንድ ምት ምረጡ፤ እጁ ቆዳውን የሚነካበትን ፍሬም ፈልጉ፤ ድምፁ የተነሣበትን እዩ። በሰከንድ 25 ፍሬም ከሆነ አንዱ ፍሬም 40 ሚሊ ሰከንድ ነው። ሦስት ፍሬም ቢዘገይ ድምፁን በ120 ሚሊ ሰከንድ ማዘግየት ነው። ይህን አንዴ ለክታችሁ በOBS ውስጥ ካስተካከላችሁት፣ ማቀላቀያውንና ካሜራውን እስካልቀየራችሁ ድረስ ለሚቀጥለው በዓልም ያገለግላችኋል።

አሁን ቅንጫቢውን ላጫውትላችሁ። መብራቱን ብትቀንሱልኝ። ከላይ በኩል፣ ከግራ ሦስተኛ የቆሙትን ነጭ ጥምጣም ያደረጉትን አባት ተመልከቱ፤ የሚያነሡት እርሳቸው ናቸው። ትከሻቸው ከፍ ሲል ስሙ።